ቀይ ለመስኮቱ፣ ጥቁር ለበሩ

ውድ ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በየወረዳው ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቅርቡ ለተቀጠራችሁ ነው። ባለፈው ሐምሌ የንብረት ክፍል ባልደረባችን፣ ትንሹም ትልቁም «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ሰው፣ 60 ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ ተሸኙ። ከእርሳቸው በፊት የተሸኙት ስለ አገልግሎት ዘመናቸውና ስላለፉበት የኃላፊነት ቦታ ይናገሩ ነበር። ጋሼ ግን ከኮታቸው ኪስ ጠርዙ የተበላ ባለ ካሬ ደብተር አወጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ምሳ ሰዓት ካርታ ጨዋታ ተናገሩ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ሌላ ጉዳይ እስኪነሣ የሚጠባበቁ ይመስሉ ነበር፤ ሌላ ጉዳይ አልተነሣም። እኔ በሒሳብ ክፍል ከእርሳቸው ጋር ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ ስለሆንኩ ለእናንተ ያልተብራራውን ላብራራላችሁ ወደድሁ።

ጋሼ የጀመሩት ከምሳ ዕቃ ነው። «እኛ ወሎዬዎች አብሮ በመብላት እንታወቃለን፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤት በምሳ ብቻ አብሮ አይውልም» አሉ። ሥጋ ያለበት ምሳ ዕቃ ሲከፈት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተከባብረው ገበታቸውን ይለያሉ። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኑ ይጾማል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙዎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል አንቀምስም። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ቤታቸው ሰኞ ገበያ ወይም ቧንቧ ውኃ የሆነው ወደ ቤታቸው ደርሰው ይመለሳሉ። እንዲህ ሲቆጠር ምሳ ሁላችንን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥበት ቀን በዓመት ውስጥ ጥቂት ነው። «ካርታው ግን ጾምም ፍስክም አልነበረውም» አሉ ጋሼ፤ እኔም ይህን ያህል ዓመት ስጫወት ይህን ነገር ልብ ብዬው እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የምንጫወተው ኮንከር ነበር። እኛ ዘንድ በተለመደው ሕግ ሁለት ፓኮ ካርታ ከአራት ጆከር ጋር ይቀላቀልና 108 ይሆናል። ለአራት ሰው 13፣ 13 ይታደላል፤ ጀማሪው 14 ይይዝና አንዱን በመጣል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራው ወይ ከክምሩ ወይ ከእርሱ በፊት ያለው ሰው ከጣለው አንዱን አንሥቶ አንዱን ይጥላል። ሦስት ሦስት ካርታ የያዙ ሦስት ቤቶችና አራት ካርታ የያዘ አንድ ቤት ቀድሞ የሞላለት ያሸንፋል። ቤት የምንለው ቁጥራቸው አንድ የሆኑትን ወይም በአንድ ዓይነት በተርታ የሚከታተሉትን ነው። ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ችሎታው ያለው ግን እጃችሁ ላይ ያለውን በመደርደር ሳይሆን ሌላው የጣለውንና ያነሣውን በማስታወስ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ጥቁር አበባ 6 እና 8 ይዤ 7ን ስጠብቅ ጨዋታው አለቀብኝ። ጋሼ ካርታዬን አዩና «ጆከር ሳይቆጠር ከ108 ውስጥ የምትጠብቀው ሁለት ካርታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በዓይንህ ፊት ወድቀዋል። 6 እና 7 ብትይዝ ኖሮ 5ም 8ም ይሆንህ ነበር፤ አራት ትጠብቅ ነበር» አሉኝ። ሰውየው የጣልነውን ሁሉ ያውቁ ነበር።

ከጨዋታው ይልቅ ቢሯችንን የጠቀመው ግን አቀማመጡ ነው፤ ስለዚህ ይህን በጥሞና እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። በ6፡50 ላይ ምሳው ተነሥቶ ሁለት ጠረጴዛ ይዘጋጃል፤ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ ሌላው በበሩ በኩል። ጋሼ ከፓኮው አራት ቀይና አራት ጥቁር ካርታ ለይተው፣ በውዘው፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘረጋሉ። ስምንቱ ተጫዋቾች አንዳንድ ያነሣሉ፤ ቀይ የደረሰው ወደ መስኮቱ፣ ጥቁር የደረሰው ወደ በሩ ይሄዳል። ወንበር የሚመርጥ የለም፤ ደረሰኝ ያልከውን ካርታ መለዋወጥም ክልክል ነው። ሰው ለራሱ ሲተው ሒሳብ ከሒሳብ ጋር፣ ሹፌር ከሹፌር ጋር፣ መሐንዲስ ከመሐንዲስ ጋር ይቀመጣል። በዕጣው ግን ገንዘብ ያዧ ከዘበኛው፣ ሹፌሩ ከዕቅድ ክፍል ኃላፊው ጋር ይገጥማሉ። ከሁሉም በላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳይለምን፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገኛሉ።

ይህ በእኔው በራሴ ላይ ደርሷል። ጋሼም በንግግራቸው ስሜን ሳይጠሩ የተናገሩት እርሱን ስለሆነ ሙሉውን ልንገራችሁ።

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ የንብረት ቆጠራ ተደረገ። በእኔ እጅ ባለው የስቶክ ካርድ ላይ 14 የመኪና ጎማ ይታያል፤ በግምጃ ቤቱ በተሰቀለው ቢን ካርድ ላይ ግን 10 ነው፤ በቆጠራውም የተገኘው 10 ነው። እንደምታውቁት ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። ከሞዴል 22 ቅጂዎች አንዱ ሒሳብ ክፍል ካልደረሰ የስቶክ ካርዱ አይቀነስም፤ ዕቃው ከግምጃ ቤት ወጥቶም በወረቀት ላይ ይኖራል። ቢን ካርዱና ቆጠራው ከተስማሙ፣ የስቶክ ካርዱ ብቻ ከበለጠ፣ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ያልደረሰው ቅጂ ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ «4 ጎማ ጎድሎ ስለመገኘቱ» የሚል ርዕስ ያለው ማስታወሻ ለጋሼ ጻፍሁ። «ጎድሎ» የሚለው ቃል ለንብረት ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ጋሼ በሕጋዊ ሰነድ ወጪ ያደረጉ መሆናቸውን ገልጸው መልስ ሰጡ፤ እኔ ሰነዱ አልደረሰኝም ብዬ ደግሜ ጻፍሁ፤ ሦስተኛውን ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ በግልባጭ አሳወቅሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ኮሪደር ስንተላለፍ ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

በዚያ ሦስት ሳምንት ዕጣው ሳያገናኘን ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለታችንም ጥቁር አነሣንና በሩ በኩል ፊት ለፊት ተቀመጥን። የቶሳ ጉም እስከ ግቢው ወርዶ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድብ ስለነበር ከፍ አድርገን ካልተናገርን አንሰማማም ነበር። በሦስተኛው እጅ ላይ አንዱ ተጫዋች ልብ 9 ጣለ። ጋሼም ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል «ይኼ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ዘበኛችን ሲጀምር የጣለው ነበር» አሉ። እኔ ካርታዬን ይዤ ቆየሁ። ልብ 9 መቼና ከማን እጅ እንደወደቀ የሚያውቁ ሰው፣ አራት ጎማ መቼና ለማን እንደወጣ እንዴት አያውቁም? በጠረጴዛው ላይ የሥራ ነገር ማንሣት ነውር ነበር፤ ቢሆንም «ጋሼ፣ እነዚያ አራት ጎማዎች የወጡ ዕለት የተረከባቸው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከካርታቸው አላነሡም። «ሰኔ 27 ነው። ወደ ወገል ጤና ለሚወጣው መኪና ነው። ዝናብ ስለነበር ሹፌሩ ሞዴሉን እንዳይርስበት አጣጥፎ ከጃኬቱ ውስጥ ከተተው» አሉ። ሹፌሩ ያን ቀን በመስኮቱ ጠረጴዛ ነበር። ዘወር ብሎ «አንዱን ለሒሳብ አድርስ ብለውኝ ነበር፤ ሰጥቻለሁ ብዬ ነው የማስበው» አለና ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ በእርጥበት የተጣበቁ ሁለት የሞዴል 22 ቅጠሎች ይዞ መጣ፤ አንድ ቅጂ ብቻ መስሎት ሁለቱንም በአንድነት አጥፎ አስቀምጧቸው ኖሯል። ሒሳቡን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አስተካከልሁ። ጋሼ በሽኝታቸው ዕለት እንዲህ አሉ፦ «በዚያ ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ በኪሴ ይዤ ነበር። በጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ መልስ ሰጥቻለሁ፤ በቃል ግን የጠየቀኝ አልነበረም።»

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ያሰብሁበት ነገር፣ ያው ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ ለምን መልስ አገኘ የሚለው ነው። ማስታወሻ ሲጻፍ ግልባጭ አለው፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ሰው የሚመልሰው ለጠያቂው ሳይሆን ለግልባጩ ነው። በካርታው ላይ ግን የሁለታችንም እጅ ሥራ ይዟል፣ ዓይናችንም ዝቅ ብሏል፤ ሰው ፊት ለፊት ሳይፋጠጥ ይጠይቃል፣ ሳይከሰስም ይመልሳል። ሦስተኛው ነገር ምስክሩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ መቀመጡ ነው። ሹፌሩን ማንም በደብዳቤ አልጠየቀውም ነበር፤ በደብዳቤው ውስጥ ስሙ አልነበረምና።

አሁን ስለ ደብተሩ። በመካከላችን ካርታ በእጃቸው የማይነኩ፣ «ሐጂ» የምንላቸው የመዝገብ ቤት ባልደረባ ነበሩ። ሃይማኖታቸው እንደማይፈቅድላቸው በግልጽ ነግረውናል፤ ማንም አንድ ጊዜ እንኳ «ይሞክሩት» ብሎ አላስቸገራቸውም። ነገር ግን ብቻቸውን እንዲቀመጡም አልተፈለገም። ጋሼ «አንቱ ነጥቡን ይያዙልን፤ እኛ እርስ በርስ አንተማመንም» ብለው ደብተሩን ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ሐጂ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ወንበራቸውን አድርገው በቆንጆ ጽሕፈታቸው ቀንና ነጥብ ይመዘግቡ ጀመር። ክርክር ሲነሣ ዳኛው እርሳቸው ነበሩ፤ የማይጫወት ሰው ወገን የለውምና ፍርዳቸውን ማንም አይከራከርም ነበር። ሰው የሚያጣላ እጅ ሲመጣ «አብሽር፣ ነገም አለ» ይሉና ገጹን ያዞሩ ነበር።

ጨዋታውን ከመጥፋት ያዳነውም ይኸው ደብተር ነው። አንድ ጊዜ ተሸናፊው ሻይ ይግዛ ተባለ፤ ሻዩ ለስላሳ ሆነ፤ ለስላሳው በብር ተተካ። ብር መግባቱን ማንም ሳይነግራችሁ የምታውቁበት ምልክት አለ። በመጀመሪያ ዕጣው ይቀራል፤ ሰዎች «እኔ ከእገሌ ጋር ልቀመጥ» ማለት ይጀምራሉ፣ ምክንያቱም የሚያሸንፉትን ይመርጣሉ። ቀጥሎ በጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ይጠፋል። ደመወዝ በወጣበት ሳምንት ጨዋታው ይደምቃል፣ በወሩ መጨረሻ ተጫዋች ይጎድላል። አንድ ወጣት ባልደረባችን ከሥራ ጓደኞቹ ተበድሮ እስከ መጫወት ደረሰ፤ አበዳሪዎቹን ለመሸሽም ምሳ ሰዓት ከግቢው ይወጣ ጀመር። ሐጂ ይህን ባዩ ማግስት ደብተሩን ዘግተው ከጋሼ ፊት አኖሩና «ገንዘብ የገባበትን እኔ አልጽፍም» አሉ። ነጥብ የሚይዝ ሲጠፋ ጨዋታው ሁለት ሳምንት ቆመ። ሲመለስ ሕጉ ተለውጦ ነበር፤ በቀኑ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሁሉንም ብርጭቆ ያጥባል። የዕቅድ ኃላፊው እጅጌያቸውን ሰብስበው የዘበኛውን ብርጭቆ ሲያጥቡ አይቻለሁ።

አለቃ ሲገባበት ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሹመው ከእኛ ጋር መጫወት ጀመሩና በየቀኑ ያሸንፉ ነበር። ጋሼ የወደቀውን ካርታ በማየት ምክንያቱን አወቁ። ሥራ አስኪያጁ ልብ 6 ካነሡ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ልብ 5ን ወይም 7ን ቢይዝ ይሻላል እንጂ አይጥልላቸውም። ከእርሳቸው በፊት ያለው ሰው ግን ወዲያው 7 ይጥላል፣ በሚቀጥለው ተራ 8 ይከተላል። ይህ ሦስት ቀን ከተደጋገመ በኋላ ጋሼ ሥራ አስኪያጁን ለብቻቸው አግኝተው «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካርታ እየመረጠ የሚያቀብልዎት ሰው፣ ቢሮዎ ሲገባም ወሬ እየመረጠ ነው የሚያቀብልዎት» አሏቸው። እኚህ ሰው ይህን በበጎ ተቀበሉ። በማግሥቱ በሁላችን ፊት «እንደ ማንኛችሁም ተጫወቱብኝ» ብለው ተናገሩ፤ በዚያ ሳምንትም ሁለት ጊዜ ብርጭቆ አጠቡ። ሁሉም አለቃ እንዲህ ይቀበላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የማይቀበል ከሆነ ሳይጫወት ቢቀር ለቢሮውም ለእርሱም ይሻላል።

ጋሼ በንግግራቸው ድምፃቸው የተለወጠው ስለ ሰዓት ሲናገሩ ነው። አንድ ቀን ጨዋታው ጥሞን እስከ 7፡50 ቆየን። ከኩታበር የመጡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው በተዘጋው መስኮት ፊት ቆመው ነበር። ጉዳያቸው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፊርማ ነበር፤ የፈራሚው እጅ ግን ካርታ ይዟል። መስኮቱ ሲከፈት አዛውንቱ «ልጆቼ፣ ሳቃችሁን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነው የቆምሁ» አሉ እንጂ አልተቆጡም፤ ለመመለሻ ያሰቡት መኪና ግን አምልጧቸዋል። ፈራሚው ጋሼ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ7፡15 በኋላ ካርታ አይታደልም፤ የተጀመረ እጅ እንኳ 7፡25 ሲሆን ባለበት ተቆጥሮ ይዘጋል። እናንተም ብትጀምሩ ከሕጎቹ ሁሉ ይህንን አስቀድሙ። ባለጉዳይ የሚያስቆም ጨዋታ ቢሮውን አንድ አድርጎ ሳይሆን በሕዝቡ ላይ አንድ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከደሴ ከራቀ በኋላ ወደ ከተማዋ ስንመለስ ቢሯችን ወንበር አልነበረውም፤ ፋይሉም ወለሉ ላይ ተበትኖ ነበር። ወረቀት ስንለቅም ከመካከሉ የአንዱን ጠረጴዛ ካርታዎች አገኘናቸው፤ ሲቆጠሩ 107 ሆኑ። የጎደለው ከሁለቱ ጥቁር አበባ ንጉሦች አንዱ ነበር። ሐጂ፣ ካርታ በእጃቸው የማይነኩት ሰው፣ ከተቀደደ የፋይል ሽፋን ላይ በልኩ ቆርጠው «ንጉሥ» ብለው ጻፉበት። ካርቶኑ ከጀርባው ስለሚለይ ማን እንደያዘው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ እርሱ የደረሰው ሰው ፊቱን ገልጦ በጠረጴዛው ላይ እንዲያኖረውና ከዚያው እንዲጫወት ተስማማን። ሁለት ዓመት በዚያ ካርታ ተጫውተናል።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን፣ ሰኞ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። ጋሼ ደብተሩን የገለጡት እዚያ ገጽ ላይ ነው። በዚያ ቀን በቢሯችን ምሳ ዕቃ የከፈተ ሰው አልነበረም፤ በሐጂ ጽሕፈት የተመዘገቡት ተጫዋቾች ግን 12 ናቸው። ቡና የለ፣ ሻይ የለ፣ የሚታጠብም ብርጭቆ የለም፤ ሰው የመጣው ለሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች እየሳሱ ይሄዳሉ። ሐጂ ጡረታ ወጡ፤ አዲሶቹ ተቀጣሪዎች ደግሞ ምሳ ሰዓት እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ማንንም አልወቀሱም። እኔም አልወቅሳችሁም፤ ጠርቶ ያስቀመጣችሁ አልነበረምና ጥፋቱ የእኛ ነው።

ንግግራቸውን ሲጨርሱ የተዘጋጀላቸውን ስጦታ ተቀበሉ፤ ደብተሩን ደግሞ ለአዲሷ ገንዘብ ያዥ ሰጧት። «እኔ እኮ መጫወት አልችልም፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ሐጂም አይጫወቱም ነበር» አሏት።

በሚቀጥለው ሰኞ 6፡50 ላይ በኮሪደሩ ሳልፍ ገንዘብ ያዧ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት ቀይና አራት ጥቁር ካርታ ለይታ፣ እጇ ገና ስላልለመደ ሁለት ሦስቱን እየጣለች ትበውዝ ነበር። ዙሪያዋን የቆሙት ሰባት ናቸው። «ጋሼ፣ ስምንተኛ ጎደለን» አለችኝ፤ በዚያ ስም የተጠራሁት ያን ቀን ነው። ገብቼ ከተዘረጉት አንዱን አነሣሁ፤ ቀይ ነበር፤ ወደ መስኮቱ ሄድሁ።